አነስተኛ ካሜራ ለሚሸከም ባለ አራት ሞተር ድሮን ፕሮፔለር፣ ሞተርና የባትሪ ሴል እንዴት ይመረጣል? በጎጃም ደጋ ለሚያበርሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ድሮን በገዛ እጃቸው ለመገጣጠም የተነሡ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። መልሶቹን በአንድ ምሳሌ ዙሪያ ሰብስቤአቸዋለሁ። ምሳሌው ከነማሰሪያው 150 ግራም የሚመዝን ካሜራ ተሸክሞ በጮቄ ተዳፋት ላይ ያሉትን እርከኖችና ቦረቦሮች ከላይ የሚቀርጽ፣ ባለ 7 ኢንች ፕሮፔለር ድሮን ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ አንድም ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ይጨርሱ።

ከፕሮፔለር፣ ከሞተርና ከባትሪ አስቀድሜ የምመርጠው የትኛውን ነው?

ከሦስቱም አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ክብደቱ ነው። ብዙ ሰው ሞተር ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ "ስንት ይሸከማል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ግን መቅደም ነበረበት። በምሳሌአችን ፍሬሙ 150 ግራም፣ አራቱ ሞተሮች 190 ግራም፣ የበረራ መቆጣጠሪያው፣ የቪዲዮ ማሠራጫው፣ ጂፒኤሱ፣ ሽቦውና ብሎኑ ተደምሮ 130 ግራም፣ ፕሮፔለሮቹ 30 ግራም፣ ካሜራው 150 ግራም፣ ባትሪው ደግሞ 460 ግራም ይመዝናሉ። ድምሩ 1,110 ግራም ነው፤ ለስሌት እንዲመች 1,100 እንበለው። ይህም ማለት ድሮኑ በአየር ላይ ቆሞ ሲንሳፈፍ እያንዳንዱ ሞተር 275 ግራም ይሸከማል ማለት ነው።

ከክብደቱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ባትሪው መሆኑን ልብ ይበሉ። ባትሪው ሲጨምር ክብደቱ ይጨምራል፤ ክብደቱ ሲጨምር ደግሞ የሚያስፈልገው ባትሪ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ በግምት ይጀምሩ፣ ከዚያ ዕቃው ሲመጣ እያንዳንዱን በዲጂታል የማእድ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ስሌቱን እንደገና ይሥሩ። ሻጩ በጻፈው ክብደት ውስጥ የሞተሩ ሽቦና ብሎን ብዙ ጊዜ አይካተትም።

የጎጃም ከፍታ በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ 20 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ያው ሜትር ኩብ አየር ከ0.9 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ይህም የባሕር ወለሉ 73 በመቶ ገደማ ነው። 1,800 ሜትር ላይ ያለችው ባሕር ዳር በሞቃት ቀን 78 በመቶ አካባቢ ላይ ትቆያለች። 4,000 ሜትር በሚደርሰው የጮቄ ጫፍ ደግሞ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንኳ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል።

ፕሮፔለር የሚያነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመያዝ ፈጥኖ መዞር አለበት። በደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር፣ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው የዙር ፍጥነት በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከባትሪው የሚወጣው ኃይልም በዚያው መጠን ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። ኃይሉና ፍጥነቱ በእኩል መጠን ስለሚጨምሩ፣ ሞተሩ ፕሮፔለሩን ለመጠምዘዝ የሚያወጣው ጉልበት አይለወጥም። በስስ አየር ላይ ሞተር የሚሸነፈው ፕሮፔለሩ ስለከበደው ሳይሆን የሚያስፈልገው ፍጥነት ላይ መድረስ ስላቃተው ነው። ፍጥነት የሚመጣው ደግሞ ከቮልት ነው። ስለዚህ በደጋ የሚበር ሰው ጥያቄ "ቮልቴ ይበቃል ወይ?" የሚል መሆን አለበት። "ሞተሬ ጠንካራ ነው ወይ?" የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሞተር ሻጩ ያወጣውን የማንሳት ኃይል ሰንጠረዥ እንዴት ላንብበው?

ሰንጠረዡ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ ቮልቱ በማይወርድ የኃይል ምንጭ ወይም ገና በተሞላ ባትሪ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መቀነስ አለብዎት፤ አንዴ ለአየሩ፣ አንዴ ለባትሪው።

ሰንጠረዡ በ24 ቮልት፣ ማለትም በባለ 6 ሴል ባትሪ፣ በ7 ኢንች ፕሮፔለር፣ አንድ ሞተር እስከ 1,600 ግራም ያነሣል ይላል እንበል። አራቱ 6,400 ግራም ይሆናሉ፤ ከ1,100 ግራም ክብደታችን ጋር ሲነጻጸር ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 73 በመቶውን ሲወስዱ 4,700 ገደማ ይቀራል፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ አሁንም የሚያስጨንቅ አይደለም። አሁን ባትሪው ሊያልቅ ሲል ያለውን ይመልከቱ። ሴሎቹ ተዳክመው፣ ጭነት ላይ ሆነው ቮልቱ ከ24 ወደ 18 ቢወርድ፣ የማንሳት ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ አይደለም፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው። 18 ለ24 ሲካፈል 0.75 ይሆናል፤ 0.75 በ0.75 ሲባዛ 0.56 ይሰጣል። ስለዚህ 4,700ው ወደ 2,630 ግራም ይወርዳል፤ የክብደቱ 2.4 እጥፍ ማለት ነው። ያው ድሮን ጮቄ ጫፍ ላይ፣ በዚያው የባትሪ መጨረሻ፣ ልክ ሁለት እጥፍ ላይ ይደርሳል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ በሚያበርሩበት ከፍተኛ ቦታ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ የማንሳት ኃይሉ ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በታች መሆን የለበትም። ከዚያ ካነሰ ነፋስ ሲመጣ ድሮኑ ራሱን ለማስተካከል የሚጠቀምበት ትርፍ ኃይል አይኖረውም፤ ምስሉም ከዚያ በፊት መናጥ ይጀምራል።

የትኛውን ፕሮፔለር ልግዛ? ባለ ሁለት ክንፍ ወይስ ባለ ሦስት?

በመጀመሪያ ፍሬምዎ የሚችለውን ትልቁን ዲያሜትር ይምረጡ። ትልቅ ፕሮፔለር ብዙ አየር ይዞ በዝግታ ይገፋል፤ ትንሽ ፕሮፔለር ጥቂት አየር ይዞ በኃይል ይወረውራል፤ ቆሞ ለመንሳፈፍ የሚቆጥበው የመጀመሪያው ነው። 7 ኢንች 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያንሳል። ፍሬሙ "ባለ 7 ኢንች" ከተባለ ከዚያ በላይ ያለው ክንፉ ከክንፍ ጋር ወይም ከካሜራው ጋር ይጋጫል።

ከዲያሜትሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ፒች ይባላል፤ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ሳይንሸራተት ቢገባ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ ይናገራል። ለካሜራ ከ3.5 እስከ 4 ኢንች የሆነው ይበቃል። ከዚያ የበለጠ ፒች ለፍጥነት በረራ የሚጠቅም ነው፤ ቆሞ ለሚቀርጽ ግን ኃይል ያባክናል።

ስለ ክንፎቹ ቁጥር የእኔ ምርጫ ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ያንኑ ክብደት በጥቂት ያነሰ ዋት ይሸከማልና። ባለ ሦስት ክንፉ በዚያው የዙር ፍጥነት የበለጠ ስለሚያነሣ በስስ አየር የጠፋውን በከፊል ይመልሳል፤ ቮልት መጨመር ለማይችል ሰው መፍትሔ ይሆናል። በደጋ ሞተሩ ጉልበት ተርፎት ፍጥነት ስለሚያጥረው ባለ ሦስት ክንፍ ብዙም አያግለውም። ያንኑ ድሮን ወደ ቆላ ሲያወርዱት ግን አየሩ ስለሚወፍር ጭነቱ ይጨምራል፤ የሞተሩን ሙቀት እዚያ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

2806.5 የሚል ሞተር ካዩ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት፣ ማለትም ስታተሩ፣ 28 ሚሊ ሜትር ስፋትና 6.5 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። ከውጭ በማስመሪያ ሲለኩት የሚያገኙት ቁጥር ስለሚበልጥ አይደናገሩ። ለ7 ኢንች ፕሮፔለር ይህ መጠን ተስማሚ ነው፤ ለ5 ኢንች ድሮን የሚሸጠው 2207 ግን ፕሮፔለሩን ቢያዞረውም ፍጥነት ሲቀያይር ስለሚንገዳገድ ካሜራው ላይ ይታወቅበታል።

ከእርሱ ጎን ኬቪ የሚለው ቁጥር አለ፤ ይህ ኪሎ ቮልት ማለት አይደለም። ሞተሩ ፕሮፔለር ሳይገጠምለት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይነግራል። ለባለ 6 ሴል ባትሪና ለ7 ኢንች ፕሮፔለር 1,300 ኬቪ የተለመደ ነው። በደጋ ብቻ የሚያበር ሰው የ17 በመቶውን ጉድለት ለመመለስ 1,500 ኬቪ ቢወስድ ስሌቱ አይሳሳትም፤ ሆኖም ከኢኤስሲው፣ ማለትም ከሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ የሚያልፈው አምፔር ይጨምራል። ከላይ በሰንጠረዡ ያየነው ሞተር 1,300 ኬቪ ነው እንበል፤ ጮቄ ላይም ስለሚበቃ እኔ በእርሱ እቆያለሁ።

ባለ 4 ሴል ባትሪና ቻርጀር አለኝ። በእርሱ መጀመር አልችልም?

ይህን ጥያቄ የምመልሰው ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያውን ባለ 7 ኢንች ድሮኔን የሠራሁት በ1,300 ኬቪ ሞተሮች ነበር፤ በእጄ የነበረው ቻርጀር ግን ከ4 ሴል በላይ ስለማይሞላ በባለ 4 ሴል ባትሪ አበረርኩት። ባትሪው በመቅለሉ አጠቃላይ ክብደቱ 960 ግራም ነበር። ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር፣ ያለ እንከን በረረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጮቄ ላይ በማለዳ አስነሣሁት፤ ወጣ፣ ቦረቦሩን ተሻገረ፣ ጥቂት ደቂቃ ቀረጸ። ከዚያ ትሮትሉን፣ ማለትም የሞተሮቹን ኃይል የሚጨምረውን ማንሻ፣ እስከ ጫፍ ገፍቼው እያየሁት፣ ሞተሮቹ በሙሉ ድምፃቸው እየጮኹ፣ ድሮኑ በዝግታ ወደ ታች ይሰጥም ጀመር። ጓሳ ሣር ላይ ስላረፈ ፍሬሙ ተረፈ፤ ሁለት ፕሮፔለርና የካሜራው ማሰሪያ ግን ተሰበሩ።

ምክንያቱን በኋላ በወረቀት ላይ አገኘሁት። ከ6 ሴል ወደ 4 ሴል ሲወርዱ ቮልቱ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፤ የማንሳት ኃይሉ ደግሞ 44 በመቶ ብቻ ይቀራል። ከ6,400 ግራም 2,840 ቀረ። ባሕር ዳር ላይ ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንኳ 1,240 ግራም ገደማ ስለነበረ 960ውን ይችል ነበር። ጮቄ ላይ ግን በባትሪው መጨረሻ 990 ግራም ብቻ ነበር፤ የማለዳው ቅዝቃዜ የሴሎቹን ቮልት ይበልጥ ስላወረደው ያችም ሠላሳ ግራም ጠፋች። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ 6 ሴል የሚሞላውን ቻርጀር ትቼ ባለኝ ቻርጀር ልክ ማሰቤ ነበር።

ባለ 4 ሴል ባትሪ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ኬቪው ከእርሱ ጋር መስማማት አለበት። የ1,300 ኬቪን ፍጥነት በ4 ሴል ለማግኘት 1,950 ኬቪ ገደማ የሆነ ሞተር ያስፈልጋል። ያኔ ያንኑ ዋት ለማግኘት አንድ ተኩል እጥፍ አምፔር ስለሚፈስ፣ በዚያው ሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ የሚጀምር ሰው 6 ሴል የሚሞላ ቻርጀር ቢገዛ ይሻለዋል።

ሊፖ ይሻላል ወይስ ሊቲየም አዮን?

ለዝግታ ቀረጻ ሊቲየም አዮን፣ ለፈጣን እንቅስቃሴ ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር። 21700 የሚባለው ሴል 21 ሚሊ ሜትር ስፋትና 70 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሲሊንደር ነው። ከፍ ያለ አምፔር የሚሰጠው ዓይነት 70 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 4,000 ወይም 4,200 ሚሊ አምፔር ሰዓትም ይይዛል። ስድስቱ ተደርድረው ከነሽቦአቸው 460 ግራም ይሆናሉ፤ 90 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛሉ። በዚያ ክብደት የሚገኝ ሊፖ ከዚህ በግልጽ ያነሰ ነው የሚይዘው። በሌላ በኩል ሊፖ ድንገት ብዙ አምፔር ሲጠየቅ ቮልቱ ብዙም አይወርድም፤ ሊቲየም አዮኑ ግን ይወርዳል።

ምሳሌአችን ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ ሲንሳፈፍ 186 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ ለመቆጣጠሪያውና ለቪዲዮው 7 ዋት ሲጨመር 193 ይሆናል። በ21.6 ቮልት ሲካፈል ዘጠኝ አምፔር ገደማ ነው፤ ለጥሩ 21700 ሴል ቀላል ሥራ ነው። ከ90ው ዋት ሰዓት 72ቱን ብቻ ቢጠቀሙ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከነፋሱና ከእንቅስቃሴው ጋር ግን ከአሥራ ስምንት ደቂቃ በላይ አያቅዱ።

ጮቄን በመሰለ ብርድ ቦታ የሴሉ ውስጣዊ ተቃውሞ ስለሚጨምር ባትሪውን እስከ በረራው ድረስ ጋቢ ውስጥ፣ ከሰውነትዎ ጋር ያቆዩት። ውርጭ ባለበት፣ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን፣ ፈጽሞ አይሙሉት።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ሴሎችን መጠቀም እችላለሁ?

ለባትሪ መብራት ወይም ለሬዲዮ ይጠቀሙባቸው፤ ለድሮን ግን አይጠቀሙባቸው። እነዚያ 18650 ሴሎች የተሠሩት በዝግታ እንዲለቁ ነው፤ ዘጠኝ አምፔር ሲጠየቁ ቮልታቸው ወዲያው ይወርዳል፣ ይሞቃሉም።

ከገበያ አዲስ ሲገዙም ጽሑፉን ብቻ አይመኑ። 9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል 18650 ሴል ካዩ ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ በዚያ መጠን የሚሠራ እውነተኛ ሴል ከ3,500 ብዙም አያልፍም። ሚዛን ጥሩ ምስክር ነው፤ እውነተኛው 18650 ከ45 ግራም እምብዛም አያንስም፣ ሐሰተኛው ግን ሲመዘን ብዙ ጊዜ በግልጽ ይቀላል። ሴሎችን ስታስተሳስሩ ከመበየጃ ካውያ ይልቅ ኒኬል ጥብጣብ በሚያጣብቅ ማሽን ያሠሩ፤ የካውያው ሙቀት ሴሉን ከውስጥ ይጎዳዋል። ስድስቱም ከመገጣጠማቸው በፊት ቮልታቸው በ0.05 ውስጥ መቀራረብ አለበት።

ማስጠንቀቂያው ገና በረራው ሳያልቅ ይጮኻል። ባትሪዬ ተበላሽቷል?

ምናልባት ማስጠንቀቂያው የተስተካከለው ለሊፖ ሊሆን ይችላል። ሊፖ በአንድ ሴል 3.5 ቮልት ላይ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ሊቲየም አዮን ግን እዚያ ሲደርስ ገና ብዙ ይቀረዋል። የበረራ መቆጣጠሪያዎ ቤታፍላይት በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ በትእዛዝ መስጫው ላይ የሚከተለውን ይጻፉ፦

```
set vbat_warning_cell_voltage = 310
set vbat_min_cell_voltage = 280
save
```

ይህም 3.1 ቮልት ላይ እንዲያስጠነቅቅ፣ 2.8 ላይ ደግሞ አጥብቆ እንዲጮኽ ያደርገዋል። ሊፖ ሲገጥሙ ቁጥሮቹን መልሰው ወደ 350 እና 330 ማውጣት እንዳይረሱ፤ ሊፖ እስከ 2.8 ድረስ ቢወርድ ያብጣል፣ እንደ ቀድሞውም አይሆንም።

ከደጀን አፋፍ ላይ ሆኜ የዓባይን ገደል ለመቅረጽ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

አለ። በሌላ ቦታ ድሮን ባትሪ ሲያልቅበት ወደ ታች ይመጣል፤ ከአፋፍ ሲያበርሩ ግን የመመለሻው መንገድ ዳገት ነው። ድሮኑን 300 ሜትር ወደ ታች ካወረዱት፣ በሰከንድ 3 ሜትር ሲወጣ መቶ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ የሚፈልገው ኃይል ከ193 ወደ 265 ዋት ገደማ ያድጋል፤ በድምሩ ሰባት ዋት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ማለትም ከምንጠቀምበት ባትሪ አንድ አሥረኛ ይወስዳል። ብዛቱ ሳይሆን ጊዜው ነው ችግሩ፤ ይህ ጭነት የሚመጣው ሴሎቹ በተዳከሙበት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ቮልቱ ካሰቡት በላይ ይወርዳል። ግማሽ ባትሪ ሲቀር መመለስ ይጀምሩ።

ሲያወርዱም ቀጥ አድርገው አያውርዱ። ድሮን ቀጥ ብሎ ፈጥኖ ሲወርድ ራሱ ወደ ታች የገፋው የታወከ አየር ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ትሮትል ቢጨምሩለትም ይወድቃል። ወደ ፊት እየሄደ በሰያፍ እንዲወርድ ያድርጉት፤ ከገቡበትም የሚያወጣዎ ትሮትሉ ሳይሆን ወደ ጎን መሸሽ ነው።

የተቀረጸው ምስል እንደ ውሃ ይርገበገባል። ከየትኛው ዕቃ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮፔለሩ ነው። ካሜራው ምስሉን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ፈጣን ንዝረት ሲያገኘው ቀጥ ያለው ዛፍ እባብ ይመስላል። መጀመሪያ አራቱንም ፕሮፔለሮች አውጥተው የክንፋቸውን ጠርዝ በጥፍርዎ ጫፍ ከሥር እስከ ጫፍ ይዳስሱ፤ ዓይን ያላየው ጭረት በጥፍር ይታወቃል። ጭረት ያለበትን ይጣሉት፣ አይጠግኑት። በመኸር ወቅት ዐውድማ አጠገብ ካረፉ የጤፍ ገለባ በሞተሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ስለሚገኝ እርሱንም ይመልከቱ፤ ማረፊያ ላይ ሸራ ማንጠፍ ይህን ያስቀራል። ፕሮፔለሩ አዲስ ሆኖም ከቀጠለ፣ ፕሮፔለሩን አውጥተው እያንዳንዱን ሞተር ለብቻው ያዙሩ፤ ፍሬሙን ሲይዙት በአንዱ ሞተር ብቻ እጅዎ ላይ ንዝረት ከተሰማዎ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ዘንጉ ታጥፏል።

ሁሉንም ከገጠምኩ በኋላ ምርጫዬ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሁለት ነገር። የመጀመሪያው ትሮትሉ ነው። ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ካሜራው ተጭኖ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ድሮኑን ከራስ ቁመት በላይ አቁመው መነጽሩ ወይም ሞኒተሩ ላይ ያለውን የትሮትል ቁጥር ያንብቡ። ከ35 እስከ 50 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ60 ካለፈ ቮልቱ ወይም ፕሮፔለሩ አንሷል፤ ባትሪው ሲዳከም ትርፍ አይኖርዎትም። የእኔ ባለ 4 ሴል ድሮን ጮቄ ላይ ገና ሲነሣ ከ70 በላይ ሳይል አልቀረም፤ ቁጥሩን ባነብ ኖሮ ያኔውኑ አወርደው ነበር። ፈተናውን በሚቀርጹበት ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ ባሕር ዳር ላይ ያለፈ ድሮን ጮቄ ላይ አልፏል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሁለት ደቂቃ አንሳፍፈው ያሳርፉና፣ ባትሪውን ወዲያው ነቅለው አራቱን ሞተሮች በጣትዎ ይንኩ። ጣትዎን አምስት ሰከንድ ማቆየት ከቻሉ መልካም ነው። አራቱም እኩል የሚያቃጥሉ ከሆነ ፕሮፔለሩ ለሞተሩ በዝቷል፤ ፒቹን ወይም የክንፉን ቁጥር ይቀንሱ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሞቀ ግን ሌላ ሳይሞክሩ ከሥሩ ያሉትን የማሰሪያ ብሎኖች ያውጡና ርዝመታቸውን ይለኩ፤ ረዝሞ የገባ ብሎን የስታተሩን ሽቦ ነክቶ ሽፋኑን ልጦት ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ሞተር ካልተቀየረ በስተቀር ድሮኑ ዳግመኛ መነሣት የለበትም።